ቀይ የጠፋበት ሳምንት

በሕንፃ ጥገና መሥሪያ ቤቱ የሥራ መከታተያ ሠንጠረዡን የምትይዘዋን ሴትዮ ሁሉም «እሜቴ ቀይ» ይላታል። መልኳስ ጠይም ነው። ስሙን ያተረፈላት ኤክሴል ላይ ያወጣችው ደንብ ነው፦ የማስረከቢያው ቀን ካለፈና ሥራው «ተጠናቋል» ካልተባለ፣ ረድፉ በሙሉ ቲማቲም ይመስላል። አለቃው ደግሞ በየማለዳው የሚያየው ቀዩን ብቻ ነው።

ሰው ይጠላታል? አሳምሮ! ግን እየመጣ ነው የሚጠላት። ጠረጴዛዋ አጠገብ ያለችው ወንበር ከለማኝ ተለይታ አታውቅም። የባሰበት የኤሌክትሪክ ኃላፊው ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ በፈጠረሽ ይቺን አንዷን ነጭ አድርጊልኝ!»

«ሥራህን ጨርስ፣ ራሷ ትነጣለች።»

«ጨካኝ! ባልሽ እንዴት ቻለሽ?»

«መች ቻለና፣ ሞተ እንጂ።»

ይሳሳቃሉ። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን፣ ልጇ አግብታ ከወጣች ወዲህ፣ የሚያናግራት ማቀዝቀዣው ብቻ ነው፤ እሱም ሲያጉረመርም።

አንድ ሰኞ ሠንጠረዡን ስትከፍት ነጭ። ማክሰኞም ነጭ። አለቃው «እሰይ!» አለ። ሰዉ ፈገግ ብሎ፣ እጁን አወዛውዞ፣ በሩቁ ያልፋል። ወንበሯ አቧራ ለበሰች። «ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰው መቼም ምሳውን ብቻውን በልቶ አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት፣ ሌላ የምታየው ስታጣ፣ ቀኖቹ ወደ ግራ ተለጥፈው አየች። ለኤክሴል እውነተኛ ቀን ቁጥር ነው፤ ካልነኩት ወደ ቀኝ ይጠጋል። ጠጋ ብላ ስታይ፣ ኃላፊዎቹ ራሳቸው ከሚሞሉት ከየቀኑ ፊት «ዓርብ»፣ «ሰኞ» የሚል ቃል ተሰክቷል። ቃል የገባበት ቀን ጽሑፍ ይሆናል፤ ጽሑፍ ደግሞ በኤክሴል ዘንድ ከማንኛውም ቁጥር ስለሚበልጥ፣ «ከዛሬ ያነሰ» አይባልም፣ አይቀላም። በኤሌክትሪክ ኃላፊው ስም የተመዘገበው የአንድ ክሊኒክ የአደጋ ጊዜ መብራት ሥራ እንኳ ቀኑ አልፎ ነጭ ለብሶ ተኝቷል።

ተንኮሉ አላናደዳትም። ያመማት፣ የዘዴው ወሬ ከጆሮ ጆሮ ዞሮ ቢሮውን ሲያዳርስ እሷ ጋ አለመድረሱ ነው።

ለአለቃው ብትነግር ነገሩ በአንድ ስብሰባ ያልቃል፤ ሰዉም ለዘላለሙ በሩቁ ያልፋታል። ስለዚህ አፏን ዘግታ ሌላ ደንብ ጨመረች፦ ቀኑ ጽሑፍ ከሆነ ረድፉ ብርቱካንማ ይሁን። ከዚያ ወንበሯን ወለወለች።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ኃላፊው እየተንደረደረ መጣ።

«ይሄ ብርቱካን ደግሞ ከየት የመጣ ነው?»

«ከ‹ዓርብ›ህ። ና ቁጭ በልና ቃሏን አጥፋት።»

«ካጠፋኋትማ ትቀላለች!»

«ትቅላ። ከዚያ እንደ ድሮህ ትለምነኛለህ።»

አጠፋት። ረድፉ ቦግ ብሎ ቀላ። ሰውየው ተነፈሰና ወንበሯ ላይ ተመቻችቶ፣ የመብራቶቹ ባትሪ ለምን እንደዘገየ ከነአያት ቅድመ አያቱ ያወራ ጀመር። ከኋላው ሌሎች ሁለት ተቆጪዎች ተሰልፈዋል።

ሰበቡ ውሸት እንደሆነ ገና ከመግቢያው ገብቷታል። አላቋረጠችውም።