«ማኅበራዊ ጉዳይ» የሌለበት ኢሜይል

ስንት ቦታ አመልክቼ መልስ ያጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ የሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት የሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ፣ ደብረ ማርቆስ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት፣ በቪዲዮ። ወዲያው «እገኛለሁ» ብዬ መለስሁ።

በማግስቱ የፈታኞች ምደባ ተለጠፈ። የእኔ ምድብ፦ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ ይጁቤ ከተማ፣ ረቡዕና ሐሙስ። ፈታኝ ደግሞ ስልክ ይዞ ክፍል አይገባም። የሚቀይረኝ ሰው ፈለግሁ፤ ሁሉም የየራሱ ምድብ ነበረው። እገኛለሁ ያልሁት እኔ፣ አልገኝም የምለውም እኔ!

ኢሜይሉን ጻፍሁ። ግማሹ ይቅርታ ነበር፤ ከዚያ «በድንገተኛ ማኅበራዊ ጉዳይ ምክንያት ስለማልችል፣ እናንተ በፈቀዳችሁት በማንኛውም ጊዜ...» ይላል። ፈተናውን ሆን ብዬ ተውሁት። ከእነሱ ይልቅ ላለሁበት ሥራ የማደላ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነው።

አብራኝ ቤት የተከራየችው የአማርኛ መምህርት ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

«ውይ! ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ማኅበራዊው ከየት መጣ? እኛ ትምህርት ቤት ከስብሰባ የሚጠፋው ሁሉ ማኅበራዊ አለበት አይደል እንዴ? የማያሳፍረውን ነገር ምን አስደበቀሽ?»

ተናደድሁ። የተናደድሁት ልክ ስለሆነች ነው። እኛ ዘንድ ይህ ቃል ለቅሶውንም፣ ሰርጉንም፣ ስንፍናውንም ይሸፍናል፤ የሰማው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አያምንም።

ሁሉንም አጠፋሁና በዚያው በጥሪያቸው ኢሜይል ላይ እንዲህ ብዬ መለስሁ፦

«ረቡዕ እንደምገኝ ካረጋገጥሁ በኋላ፣ ረቡዕና ሐሙስ ይጁቤ የክልላዊ ፈተና ፈታኝ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ፈተና ክፍል ስልክ ስለማይፈቀድ በቀጠሮው መገኘት አልችልም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራውን በጣም እፈልገዋለሁ። ዓርብ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ወይም ሰኞ ከቀኑ በ8 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቢመቻችሁ በሁለቱም ዝግጁ ነኝ።»

«አንድ ይቅርታ ብቻ?» አልኋት።

«አንዱ ይበቃል። ላኪው።»

ላክሁት። ያን ቀን መልስ አልመጣም። ማታ እራት አልበላልኝ አለ፤ በቃ፣ ሌላ ሰው ጠርተዋል ብዬ ደመደምሁ። በማግስቱ ከክፍል ስወጣ ስልኬን ከፈትሁ፦ «ቀድመው ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ዓርብ በ3 ሰዓት ይሁን።»

ዓርብ ቀጠሮው ሳይደርስ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀመጥሁ። ከጠያቂዎቹ አንዷ ሰላምታ እንደሰጠችኝ «የይጁቤው ፈተና በሰላም አለቀ?» አለችኝ። ስለ ራሴ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው መጥተው ስለተፈተኑት ልጆች፣ አንድ ሥዕላዊ ጥያቄ ብዙዎቹን እንዴት ግራ እንዳጋባቸው፣ እኔ ብሆን ሥዕሉን እንዴት እንደምስለው ነገርኋቸው። ሦስቱም ይጽፉ ነበር።

ሥራው የእኔ መሆኑን የሚገልጸው ኢሜይል ሲመጣ ቤት ነበርሁ። አንብቤ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ፤ በደስታ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። አብራኝ የምትኖረው ድምፄን ሰምታ በሩን ከፈተች።

«አሁንስ» አለች፣ «ማን ሞተ?»