ያልመጡት እናቶች

ለማስተማር ባሌ ሮቤ ከመጣሁ ጀምሮ ቁጡ ነው ይሉኛል። ሐሜት ነው። ተማሪዎቼ እንደማይፈሩኝ በደንብ አውቃለሁ፤ ቢሮዬ ድረስ የሚመጡትን ሁሉ ጠይቄ «እፈራዎታለሁ» ያለኝ አንድም የለም።

የዚያን ቀን የማስተርስ ተማሪዎች ፕሮፖዛል ገምጋሚ ነበርኩ። ተረኛዋ ከጊኒር የመጣች አዋላጅ ነርስ ናት። የበልጉ ዝናብ ሊገባ ነው። ፕሮፖዛሏ ዛሬ ካላለፈ መረጃ ሳትሰበስብ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ የትምህርት ፈቃዷም ያልቃል፤ ሳትመረቅ ወደ ሥራዋ መመለሷ ነው። እንደ ልማዳችን ያቀረበችልን ለስላሳና ቆሎ ግን ያለ አንዳች ማስተካከያ አልፏል።

ፕሮፖዛሉ እንደ አብዛኞቹ ከዓለም ይጀምራል። ከዓለም ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ፣ ከዚያ ወደ ኦሮሚያ እያለ ባሌ እስኪደርስ ለስላሳዬን ጨረስኩ። ጥያቄው የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው፦ እናቶች ለምን ቤት ይወልዳሉ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ዓላማው ግን «በቤት መውለድን መቀነስ» ይላል፤ ዘዴው ደግሞ መጠይቅ።

«መጠይቅ ምንም አይቀንስም» አልኳት። «ምክንያቱን ለመለየት ይረዳሽ ይሆናል። ለመሆኑ የት ነው የምታስሞዪው?»

«ጎባ ሆስፒታል፣ ማዋለጃ ክፍል።»

«እዚያ የተኙት እናቶች የት ነው የወለዱት?»

ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች። አማካሪዋም ቆሎውን ማኘክ አቆመ።

«ታዲያ ሆስፒታል የወለደችዋን፣ ቤት ለምን ወለድሽ ብለሽ ልትጠይቂያት ነው?» ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም። ሥራው የገጽ ኅዳግ ስፋት መለካት የሆነው ሁለተኛው ገምጋሚ ሣቁን በወረቀቱ ሸፈነ።

«እሺ፣ እስከ ሩቁ ብድሬ ድረስ ቤት ለቤት እዞራለሁ።»

«ብቻሽን? በዝናብ? ፈቃድሽ ሳያልቅ?»

ዓይኗ እንባ ሲያቀርር አየሁና አዘንኩላት። ነገር ግን ባዝንም ጥናቱ አይሠራም። ድንገት ቀና አለች።

«ወላሂ መምህር፣ ለወሊድ ያልመጡት ለክትባት ይመጣሉ! ልጅ ለማስከተብ። ጊኒር ዙሪያ ጤና ጣቢያዎቹ ላይ በክትባት ቀን ብቀመጥ፣ ቤት የወለደችውንም እዚያው የወለደችውንም አገኛለሁ።»

«ለክትባትም የማይመጡትስ?»

«እነሱን አላገኛቸውም። ጥናቴ ስለ እነሱ አይናገርም ብዬ በግልጽ እጽፋለሁ።»

ደስ አለኝ፣ ከልቤ። ጥያቄው ጠቧል፣ ሥራው ከዝናቡ በፊት ያልቃል፣ የምትጠይቀውም መልሱን የሚያውቁትን ሰዎች ነው። ዓላማውን እንድታስተካክል ነግረን አሳለፍናት። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ጠርሙሶቹን ስትሰበስብ ግን ምክር ሳልጨምር መልቀቅ አልሆነልኝም።

«ቀደም ብለሽ ቢሮዬ መጥተሽ ብታማክሪኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልደረሰብሽ። እኔን እኮ ማንም አይፈራኝም፤ የመጡትን ሁሉ ጠይቄያለሁ።»

«መምህር» አለች በትሕትና፣ «የሚፈሩዎትማ አይመጡም።»

ሁለተኛው ገምጋሚ አሁን ሣቁን አልሸፈነም።