ተፍቆ የመጣው አንጀት

ሲስተር የትነበርሽ ጎንደር ውስጥ ነርሶችን ማስተማር ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። በቋሚነት መቀጠሯ ግን በአንድ ትምህርት ይወሰናል፤ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሀብተሥላሴ ከኋላ ተቀምጠው ሊገመግሟት ነው። እሳቸው ደግሞ «ከትምህርት ዝርዝሩ የወጣ አስተማሪ ከመንገድ የወጣ መኪና ነው» ባይ ናቸው።

ዝርዝሯ ሁለት ርእስ ነበረው፤ የአንጀት ግድግዳ አራት ንብርብሮችና ደም የሚደርሰው በምን መንገድ እንደሆነ። ሥዕል ብቻ አላረካትም። ቁስቋም ያለችው አክስቷ እናኑ ለክርስትና በግ ልታሳርድ መሆኑን ስትሰማ «ጌታ ጸሎቴን ሰማ» ብላ ደወለች።

«እትዬ፣ ትንሹን አንጀት ለተማሪዎቼ እፈልገው ነበር።»

«ለተማሪ? ሸጋ! እኔው ራሴ አዘጋጅቼ እልከዋለሁ።»

እንዴት እንደምታዘጋጀው አልጠየቀቻትም።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ጓንት አጥልቃ ፌስታሉን ስትፈታ የሎሚ ሽታ አወዳት። አንጀቱ ነጭ ሆኗል። እናኑ ገልብጣ በቢላዋ ጀርባ ፍቃዋለች፣ በጨውና በሎሚ አሽታዋለች፣ ከጀርባ ይዞት የነበረውን ስስ ሽፋን ከነስቡ ገፍፋ ጥላዋለች። ያልታጠበ አንጀት ለመምህርት መላክ ለእሷ ትልቅ ነውር ነው።

ከኋላ የተቀመጡት አቶ ሀብተሥላሴ እስክሪብቷቸውን ከፈቱ።

የትነበርሽ በልቧ «እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና አንጀቱን ከፍ አደረገችው። «ዛሬ በሽተኛ አምጥቻለሁ። ከውስጥ ወደ ውጭ እንቁጠር። መጀመሪያ ሙኮሳ፤ ምግብ የሚመጠጥበት ሽፋን። የታለ?»

መዝሙር የሚባለው ተማሪ ጎንበስ ብሎ አየ። «ሲስተር፣ የለም። ተዘርፏል!»

«ቀጥሎ ሰብሙኮሳ፤ ጠንካራው፣ የደም ሥሮች የሚሰራጩበት። ከዚያ ምግቡን የሚገፋው ጡንቻ። በመጨረሻ ውጭውን የሚያለብሰው ሴሮሳ። እነዚህ አሉ። ደሙስ በየት ይመጣል? ከትልቁ ደም ቅዳ የሚወጣ ቅርንጫፍ አንጀቱን ከጀርባ በሚያያይዘው ሽፋን ውስጥ ይዘረጋል፤ እየተከፋፈለ እንደ ቀስት ጎብጦ ይገናኛል፤ ከቀስቶቹ ቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ግድግዳው ይገባሉ። ያ ሽፋን የታለ?»

«እሱም የለም!»

«ሽፋኑ በሕይወት ያለ ሰው ላይ እንዲህ ቢቆረጥስ?»

«ደም ይቋረጣል» አለች ናዝራዊት የምትባል ተማሪ። «አንጀቱ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።»

«ሙኮሳው ብቻ ቢላጥስ?»

«ይደማል፤ ምግብ አይመጠጥም፤ ጀርሙም መንገድ ያገኛል።»

«ታዲያ ይህን በሽተኛ ማን ገደለው?» አለ መዝሙር።

የትነበርሽ ልትዋሽ አልቻለችም። «አክስቴ» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ሀብተሥላሴ ግን አልሳቁም፤ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች ወረዱ።

«ከዝርዝሩ አልወጣሽም» አሉ በመጨረሻ። «የወጣው አንጀቱ ነው።» ፈረሙና ወረቀቱን ሰጧት። የትነበርሽ «ተመስገን» ብላ ተቀበለች።

በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ለመሆኑ እኒህ አክስትሽ ዱለት ሲሠሩ እንግዳ ይቀበላሉ?»