ትንቢት ሐሙስ የለችም

ትንቢት ኃይለኢየሱስን ያያት ሁሉ ዝምተኛ ትመስለዋለች። አይደለችም። ዝም የምትለው የምትናገረውን እስክታገኝ ነው፤ ካገኘች በኋላ ማንም አያቆማትም። ይህን የማውቀው ዲላ ግቢ ውስጥ ሦስት ዓመት አብረን ስለተማርን ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ለእሷ ብዬ ዋሽቼ በሃምሳ ተማሪ ፊት ስላጋለጠችኝ ነው። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ግልፍተኛ ነኝ፤ ቂመኛ ግን አይደለሁም፤ ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው እናገራለሁ።

ትንቢት ከይርጋጨፌ ወዲያ ያለው የገጠር ቀበሌ፣ የባንኮ ጎቲቲ ልጅ ናት። አባቷ ያረፉት የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ ላይ ሲሆን የተዉት ከላይ እንሰት፣ ከታች ደግሞ እስከ ወንዙ ድረስ ቡና የለበሰ መሬት ነው። ሌላ ልጅ የላቸውም። ታናሽ ወንድማቸው ተሻለ ግን ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ «የታችኛውን ወንድሜ በቃሉ ሰጥቶኛል» ማለቱን አልተወም። ቃሉን የሰማ ሰው አለ ወይ ሲባል እሱ ራሱ ብቻ ነው የሰማው። የትንቢት እናት ወይዘሮ ሙሉነሽ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ተሻለ ፊት ሲቆሙ ግን ድምፃቸው አይወጣም። ሴትዮዋ ክፉ ቃል ከሰው ተለዋውጠው አያውቁም፤ ተሻለም ይህንኑ ያውቃል።

እንግዲህ እኛ ሦስት ሆነን አንድ ግሩፕ ነበርን፦ እኔ፣ ፍሬዘርና ትንቢት። የግሩፑ መሪ እኔ ነኝ፤ ማን መረጠሽ እንዳትሉኝ። ሥራችን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውሃ ከታጠበ በኋላ የት ይሄዳል የሚል ነበር። ከሠላሳው ነጥብ አሥራ አምስቱ ለጽሑፉ ሲሆን ለሦስታችንም እኩል ይሰጣል፤ አሥራ አምስቱ ግን ለፕሬዘንቴሽኑ ነው፤ እሱ ለየራስ ነው፤ ያልቆመ አያገኝም። ወንዝ ለወንዝ ተንከራትታ መረጃውን የሰበሰበችው ትንቢት ናት። እኔና ፍሬዘር ያሳመርነው ስላይዱን ነው።

ፕሬዘንቴሽኑ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነበር። ሰኞ ጠዋት ከቁርስ ስመለስ የግሩፓችን ቴሌግራም ላይ ይህን አገኘሁ፦

«ሰላም። ሐሙስ ፕሬዘንቴሽኑ ላይ አልገኝም። የአባቴ መሬት ለይዞታ ደብተር የሚለካው በዚያው ቀን ነው። ቀኑን ለሰፈሩ ሁሉ የቆረጠው ቀበሌው ነው፤ ደውዬ ለምኜ ነበር፤ አይቀየርም አሉኝ። የእኔን አምስት ስላይድ ከነማብራሪያው፣ ሊጠየቅ የሚችለውንም ከነመልሱ ዛሬ ከሰዓት እልካለሁ። ማን እንደሚያቀርበው ተነጋገሩ። ነገ አሥር ሰዓት ላይብረሪ ተገናኝተን አብረን እንለማመደዋለን። ለመምህር ራሴ እነግራለሁ።»

ደሜ ፈላ። ጎበዟ እሷ፤ እሷ ከሌለች ጥያቄ ሲመጣ እኔ ምን ልመልስ ነው? ፍሬዘር ቀድሞኝ ጻፈ፦ «ታምሜያለሁ በያ፤ የክሊኒክ ወረቀት እኔ አመጣልሻለሁ።»

«አልታመምኩም» ብላ መለሰችለት። በቃ፤ ይህቺው ናት መልሷ።

መምህር ወንድይፍራው ለስብሰባ ሐዋሳ ሄዶ ነበር። እሷ ግን እስኪመለስ እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችም። ያኔውኑ ደብዳቤ ጽፋ፣ የልኬታውን ቀን የሚናገረውን የቀበሌውን ማስታወቂያ በስልክ አስልካና አሳትማ አያይዛ፣ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ወይዘሮ አትጠገብ ዘንድ አስገባች። ኮፒው ላይ «ደርሷል» የሚል ማኅተምና የሰኞውን ቀን አስመታች። ለመምህሩ ኢሜይልም ላከች። መልስ አልመጣም።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁበት። ደንቡ ሴሚስተሩ ሲጀመር ተነቦልናል፦ በሕመምና በሐዘን የቀረ ሜካፕ፣ ማለትም ሌላ ቀን የማቅረብ ዕድል፣ ይፈቀድለታል፤ የቀረው ምክንያት ሁሉ በመምህሩ ውሳኔ ነው። የመሬት ልኬታ የሚል የለበትም። መምህር ወንድይፍራው ደግሞ ሰበብ አይወድም። ለሕመም ወረቀት ይጠይቃል፤ ለሐዘንተኛ ግን «ማስረጃ አምጣ» የሚል ሰው እኛ አገር ገና አልተወለደም። ስለዚህ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ደወልኩለትና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «መምህር፣ የትንቢት አባት አርፈዋል» አልኩት። ማረፍስ አርፈዋል። መቼ እንደሆነ አልተናገርኩም እንጂ።

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይብረሪ ስንለማመድ ለትንቢት አልነገርኳት። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። ሐዘን ከተባለ ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንደሚኖር ግን፣ ይህን ያህል ጊዜ ዲላ ኖሬ፣ በጭራሽ አልታሰበኝም።

ረቡዕ አራት ሰዓት ክፍል ገባን። ትንቢት አልነበረችም፤ መምህሩ ተመልሶ እንደሆነ ቢሮውን ለማየት ሄዳ ነበር። እሱ ግን ከመኪና ወርዶ ቢሮውን ሳያይ በቀጥታ እኛ ዘንድ መጣ። ፊቱን አጥቁሮ፦ «የክፍላችሁ ልጅ ትንቢት አባቷን አጥታለች። ቅዳሜ ለቅሶ እንደርሳለን፤ እኔም አብሬያችሁ አለሁ። እስቲ አንድ ደቂቃ እንነሳ» አለ። የክፍሉ ተወካይ አክሱማዊት የሚሄዱትን ስም መመዝገብ ጀምራ ነበር፤ ሚኒባስም አነጋግራለች። ፍሬዘር ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ እኔም ቆምኩ።

በዚያ ጸጥታ መሃል በሩ ተከፍቶ ትንቢት ገባች። አክሱማዊት ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሌሎቹም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያሉ ከበቧት። ትንቢት በመጀመሪያ ግራ ገብቷት ሁሉንም አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ገብቷት ነበር።

«አባቴ የሞተው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው» አለች። «ተቀብሯል፤ አልቅሼለታለሁ። አሁን የሞተብኝ ሰው የለም።»

አክሱማዊት እጇን ከትንቢት አንገት ላይ ቀስ ብላ አነሳች። መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። «ሔርሜላ፣ ትናንት ምን ነበር ያልሽኝ?» ያን ቀን ከመናገር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ትንቢት ኮፒዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ምክንያቴ ይሄ ነው መምህር። ሰኞ አስገብቼዋለሁ፤ ኢሜይልም ልኬልዎታለሁ።»

አንብቦ ሲጨርስ ይበልጥ ተናደደ። እውነት ለመናገር አልፈርድበትም፤ ክፍሉን ሙሉ አስነስቶ ያሳዘነው ባዶ ወሬ ይዞ ነው። «ከአንድ ግሩፕ ሁለት ወሬ! የትኛውን ልመን? ደግሞ ልኬታው ላይ ስህተት ቢኖር ካርታው ቀበሌ ተለጥፎ አቤቱታ ይቀበላሉ አይደል? ያኔ ትሄጃለሽ።»

«ያኔ የምሄደው የተጻፈ ለማስፋቅ ነው። ነገ ከሄድኩ ግን ወሰኔ ላይ መቆም ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። አጎቴ ነገ እዚያ ነው፤ አዋሳኞቹም እዚያ ናቸው። እናቴ ብቻዋን ናት።»

«ነገ ካልተገኘሽ ዜሮ ነው የምጽፈው።»

እኔ ብሆን አለቅስ ነበር። ሐዘኑን ተቀብላ ዝም ብትልኮ ሁሉም ነገር አልቆላት ነበር፤ ሜካፑም ተፈቅዶ፣ መሬቷም ጋ ሄዳ። በምልክት «ተይ» አልኳት። አላየችኝም፤ ወይም ማየት አልፈለገችም።

«ዜሮውን ይጻፉት መምህር» አለች። «ግን ከጎኑ ምክንያቱን እንዳለ ይጻፉልኝ፤ ሐዘን ብለው እንዳይጽፉ። አጎቴ በአባቴ ስም ያላለውን እያወራ ነው መሬታችንን የሚፈልገው። እኔም በአባቴ ስም ዋሽቼ ነጥብ ካገኘሁ ነገ እሱን ውሸታም የምልበት አፍ የለኝም።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ወደ መናኸሪያው በባጃጅ፣ እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በሞተር እንደሄደች በኋላ ነው የሰማሁት። ከኋላዋ ሮጬ ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር። አልሄድኩም።

ሐሙስ የእሷን ስላይዶች ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጽፋ የሰጠችኝ መልስ ሁሉ ልክ ነበር፤ ከተጠየቅናቸው አራት ጥያቄዎች ሦስቱን አስቀድማ አግኝታቸዋለች። መምህሩ ስም ሲጠራ «ትንቢት ኃይለኢየሱስ» አለ። ያኔ ነው ከሰኞ ጀምሮ መናገር የነበረብኝን የተናገርኩት፦ «የለችም መምህር። መሬቷ እየተለካ ነው። ሰኞ ነግራናለች፤ ሰኞ ለእርስዎም ጽፋለች። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አታውቅም ነበር።» የሆነ ነገር ጻፈ። የእኔ ነጥብ ሲወጣ ከአሥራ አምስቱ ሰባት ሆኖ አገኘሁት። አልተከራከርኩም።

በዚያው ሰዓት፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ባንኮ ጎቲቲ ላይ ለኪዎቹ ከቀበሌው ኮሚቴ ጋር ደርሰው ነበር። ተሻለ ከፊት ከፊት እየመራ «ከዚህ ወዲህ የእኔ ነው፤ የወንድሜ ልጅ ዲላ ናት፤ ትምህርት ላይ ናት» ሲላቸው ትንቢት ከእናቷ ጎን ቡናው ውስጥ ቆማ ትሰማ ነበር። «አለሁ» ብላ ወጣች። ወሰኑን ከእንሰቱ እስከ ወንዙ በእግሯ ዞራ አሳየች። የኮሚቴው ሰብሳቢ አዋሳኞቹን «ልክ ናት?» ብሎ ሲጠይቃቸው መጀመሪያ ተሻለን አዩት፤ ከዚያ አንድ በአንድ «ልክ ናት» አሉ። ወይዘሮ ሙሉነሽም ተናገሩ። «ባሌ ለማንም አልሰጠም» አሉ፤ ለተሻለ፣ ፊት ለፊት። የታችኛው ቡና በእናትና በልጅ ስም ተመዘገበ።

ዜሮውን ግን ዝም ብላ አልተቀበለችም። ሰኞ ተመልሳ፣ ደብዳቤዋ ከፕሬዘንቴሽኑ ሦስት ቀን ቀድሞ መግባቱን በማኅተሙ አሳይታ፣ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አመለከተች። ኃላፊው ሁለቱንም ወገን ከሰማ በኋላ ሜካፕ እንዲሰጣት ወሰነ። አርብ ዕለት ባዶ ክፍል ውስጥ በመምህር ወንድይፍራው ፊት ብቻዋን ቆመች። እኔና ፍሬዘር ኮሪደሩ ላይ ነበርን፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ያለ አንድ ወረቀት ሃያ ደቂቃ ተናገረች።

ሲያበቃ መምህሩ ወረቀቱን ሰብስቦ፦ «እሺ። ደግሞ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣብሽ ምን ልታደርጊ ነው?» አላት።

«አስቀድሜ እነግርዎታለሁ መምህር» አለች ትንቢት። «ከዚያ እሄዳለሁ።»