የኪራዩ ብር በማን ስም ገባ?

ከግድግዳዬ ማዶ ያለው የስፌት መኪና ዝም ካለ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። እኔ ሠናይት እባላለሁ፣ ቦንጋ ላይ ከመናኸሪያው ወረድ ብዬ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት እሠራለሁ። ጎረቤቴ ልዑልቃል ልብስ ሰፊ ነው። በመሀላችን ያለችው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ናት። ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከወንበሬ ሳልነሳ ነው።

ልዑልቃልን የማያውቅ የለም። ዝምተኛ፣ ቀጥ ያለ፣ እሑድ ቸርች፣ በአዘቦቱ መኪናው ላይ። «አንተ ጴንጤ፣ አንድ ቀን እንኳ ተሳደብና ጤነኛ መሆንህን ልይ» እለዋለሁ፣ ይስቃል። ከዋጫ ነው የመጣው። እናቱ እዚያው አሉ፣ በየወሩ ይልክላቸዋል። መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም ብቻውን ሰፍቶ አይጨርስም፣ ያ ሥራ ነው ዓመቱን የሚያሻግረው። ሱቋን ካጣ በዚያ ሰፈር ሌላ አያገኝም፤ ደንበኛም ሰፊውን ፍለጋ ከተማ አይዞርም።

ቤቷ የጋሽ ተክለጻድቅ ናት። ጋሽ ተክለጻድቅ ቦንጋ ሲኖሩ ኪራዩን በእጃቸው ነበር የሚቀበሉት። በክረምቱ ግን ጅማ ልጃቸው ዘንድ ገቡና ነገር ሁሉ በስልክ ሆነ። ጥቅምት ሊገባ፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር ፈለቀ የሚባል ደላላ ጆሯቸው ሥር ገባ። ሺሺንዳ ያለ ቡና ነጋዴ ቤቷን ፈልጓል፣ በወር ሰባት መቶ ይሰጣል፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ይከፍላል አላቸው። እሳቸውም ለልዑልቃል ደወሉ። «አንተ ነባር ነህ፣ አልጨክንብህም። ግን ሰባት መቶ ነው፣ የሦስት ወር በአንዴ። እስከ ዓርብ በባንክ ቀድሞ ያስገባ ቤቱ የሱ ነው» አሉት።

አቤት ያን ሰሞን የሮጠው ሩጫ! ያልተከፈለውን የስፌት ዋጋ ለቀመ፣ ከቸርች ወንድሞች ተበደረ። ሐሙስ ባንክ ሄዶ ከራሱ ሒሳብ ወደ ጋሽ ተክለጻድቅ ሒሳብ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ብር አዛወረ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል።

«ነገርካቸው?» አልኩት።

«መልእክት ላክሁ እትዬ።»

«ምን ብለህ?»

«ብሩን አስገብቻለሁ፣ ጌታ ይባርክዎ ብዬ።»

«ስንት ብር? መቼ? በምን ቁጥር?»

«ሒሳባቸው ውስጥ ያዩት የለም እንዴ?» አለኝ፣ እኔም ወደ ኮፒዬ ተመለስኩ። ያኔ አለመጨቅጨቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው መኪናው ድንገት ቀጥ ያለው። ጆሮዬን ሰጠሁ። ፈለቀ ነው። በበሬ ብቅ ብል ሜትር ይዞ የበሩን ስፋት ይለካል።

«ወንድሜ፣ እስከ ነገ ዕቃህን አንሳ። ሰውዬዬ ብሩን አስገብቷል፣ ጋሼ ራሳቸው ባንክ ሄደው አይተው ደውለውልኛል።»

«ያስገባሁት እኔ ነኝ!» አለ ልዑልቃል።

«እሱን ከሳቸው ጋር ተነጋገር። እኔ የታዘዝኩትን ነው።»

ልዑልቃል ደወለ። በግድግዳው በኩል የሱን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። «ኧረ ጋሽዬ... ኧረ በሕያው አምላክ... ትላንት...» ሮጬ ስገባ ስልኩን ይዞ ቆሟል።

«ምን አሉህ?»

«ከአንተ የገባ ሰባራ ሳንቲም የለም አሉኝ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ገብቷል፣ ግን የሌላ ሰው ነው አሉ። ውሸታም አሉኝ እትዬ።»

ደሜ ፈላ። እሱን ውሸታም! ተመልሶ ሲደውል ኔትወርኩ የለም። የኛ ከተማ ኔትወርክ ሲፈለግ አይገኝም። እሱም ወደ ባንክ ሮጠ፣ ከመዘጋቱ በፊት ደረሰ። ሠራተኛዋም ኮምፒውተሯን አይታ፣ «ከሒሳብዎ ወጥቷል፣ ወደ ተላከለትም ሰው ሒሳብ ገብቷል፣ ስህተት የለውም። ደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥር ይንገሯቸው» አለችው። ታዲያ ብሩ ገብቶ እንዴት የሌላ ሰው ይሆናል? ሽማግሌው ሊበሉት ነው? ፈለቀ ነው የተንኮሉ ባለቤት? ያላሰብነው ክፉ ነገር አልቀረም።

«ደረሰኙን አምጣው እስቲ» አልኩት።

እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና መለሰው። «ቁጥሩን ልንገርዎት» አለኝ።

«ቁጥሩን ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱን አሳየኝ። ኮፒ አንስቼ ጅማ በሚሄድ መኪና እንልካለን።»

«አያስፈልግም እትዬ።»

ጉድ በሉ! ቤቱን ሊቀማ ነው፣ ሰውየው ደረሰኝ ይደብቃል። «ደግ፣ እንደፈለግህ!» ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። እንዲህ ያለ ሰው የሚደብቀው ምን አለው? ብሩ የማን ነው? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሌላም ሌላም አሰብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ እያካፋ ነው። ስደርስ ልዑልቃል ከበሩ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ በሩ ይላል። ያላለቁ ዩኒፎርሞች ተቆልለዋል። አንዱን ያነሣል፣ ይጥላል። መቀሱን ይፈልጋል፣ መቀሱ በእጁ ነው። አንጀቴን በላው፣ ግን ቁጣዬም አልበረደም።

«ስማ፣» አልኩት፣ «እኔ የሰው ምሥጢር አልፈልግም። ግን ፈለቀ ከሰዓት በፊት ይመጣል። ወይ ወረቀቱን ስጠኝ፣ ወይ ጨርቅህን ጠቅልል። እናትህንስ ምን ልትላቸው ነው?»

እናቱን ስጠራ ተቀመጠ። ከኪሱ አውጥቶ ሳያየኝ ዘረጋልኝ።

አነበብኩት። ቀኑ አለ፣ ብሩ አለ፣ ቁጥሩ አለ። የላኪው ስም ግን ልዑልቃል አይደለም። ደምመላሽ ገብረሚካኤል ይላል።

«ይሄ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

የነገረኝ ይኼን ነው። እሱ በእናቱ ሆድ ሳለ አጎቱን በቡና መሬት ጠብ አንድ ሰው ገደለው። አያቱ ሕፃኑን ታቅፈው ደምመላሽ ብለው ሰየሙት፣ አድጎ እንዲበቀል። ባደገ ቁጥር «ደምመላሽ!» ብለው ሲጠሩት የሚያዩት ወደ ገዳዩ ሰፈር ነበር። እሱ ደግሞ ከገዳዩ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ነው የተማረው። አያቱ እንደሞቱ ቦንጋ ገባ፣ ጌታን ተቀበለ፣ ሲጠመቅ ልዑልቃል ተባለ። መታወቂያውና የባንክ ደብተሩ ግን በድሮው ስሙ እንዳሉ ቀሩ። በፍርድ ቤት ላስቀይረው ሲል ዓመቱ ነጎደ።

«ያንን ስም እዚህ አገር ማንም አያውቅም እትዬ። እንዲያውቅም አልፈልግም።»

አሁን ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ግንባሬን መታሁ። «አንተ ሞኝ! ጋሽ ተክለጻድቅ ባንክ ሄዱ፣ ማን ላከ ሲሉ ደምመላሽ አሏቸው። እሳቸው ደምመላሽ የሚባል አያውቁም። የሺሺንዳውንም በስም አያውቁትም። ብሩ ደግሞ እኩል ነው። ነጋዴው መስሏቸዋል! በገዛ ብርህ ነው ከቤትህ የምትወጣው!»

እሱ ደረሰኙን ነጥቆኝ ስሙን እንደገና አነበበው።

«መልእክት ጻፍላቸው» አልኩት።

«ቁጥሩን ብቻ ብጽፍስ?»

«ቁጥሩን ሲያመሳክሩ ምን ያገኛሉ? ደምመላሽን! ስሙ ያንተ መሆኑን ካልነገርካቸው የነጋዴውን ደረሰኝ ሰርቀህ ነው የሚሉህ። ጻፍ!»

እኔ እያልኩ እሱ ጻፈ። ቀኑን ከደረሰኙ ሊገለብጥ ሲል ያዝኩት፣ የባንኩ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሽማግሌው አስረኛ ወር ሲያዩ ሰኔ እንዳይመስላቸው። እንዲህ ሆነ፦

«ሰላም ጋሽ ተክለጻድቅ። የቦንጋው ሱቅ የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ኪራይ ብር 2,100 ሐሙስ ጥቅምት 4 ቀን 2008 ዓ.ም. (በፈረንጅ 15/10/2015) ከሒሳቤ ወደ ሒሳብዎ ተዛውሯል። የደረሰኙ ቁጥር FT15288K7RM ነው። የላኪው ስም ደምመላሽ ገብረሚካኤል ይላል።»

እዚህ ላይ ጣቱ ቆመ። ጠበቅሁት። በመጨረሻ ራሱ ጨመረበት፦ «ደምመላሽ እኔ ልዑልቃል ነኝ። የመታወቂያ ስሜ ነው። ሲያመሳክሩት ይደውሉልኝ።»

ላከው። አልሄደም። ደገመው፣ አልሄደም። ስልኩን ይዞ በዝናቡ ወደ ዳገቱ ወጣ፣ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ሲመለስ ከራሱ እስከ እግሩ ርሷል። «ሄደ» አለ። ከዚያ መጠበቅ ነው። እሱ ስልኩን ያያል፣ እኔ መንገዱን አያለሁ።

ስልኩ ሳይጮህ መንገዱ ፈለቀን አመጣው። አንድ ፒክአፕ ባዶ ጆንያ ጭኖ በሩ ላይ ቆመ፣ ሁለት ወዛደሮች ወረዱ። «ቁልፍ» አለ ፈለቀ፣ እጁን ዘርግቶ።

«ትንሽ ታገሥ፣ ይደወላል» አለ ልዑልቃል።

«ማን ነው የሚደውለው፣ መንግሥት?» ወዛደሮቹ ሳቁ። «ግቡ፣ ጨርቁን ወደ ውጭ አውጡት!» አንደኛው የዩኒፎርሙን ክምር አቀፈ። እኔ ጃንጥላዬን ጨበጥኩ፣ ማንን እንደምመታ ግን አላወቅሁም።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ልዑልቃል ሲያነሣው ሳያውቅ ድምፁን ከፍ የሚያደርገውን ነካው መሰለኝ፣ የጋሽ ተክለጻድቅ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ጆሯቸው ስለማይሰማ ሲያወሩ ይጮኻሉ።

«ደምመላሽ!»

ፈለቀ ዞረ። ወዛደሩ ጨርቁን እንዳቀፈ ቆመ። የደጁ አላፊም ቀና አለ። ልዑልቃል ወደ በሩ አየ። ዘግቶት የሚሮጥ መሰለኝ።

«ደምመላሽ! አትሰማም?»

«አቤት» አለ። «አቤት ጋሽዬ። እኔ ነኝ።»

«ቁጥሩን ከደብተሬ ጋር አመሳከርኩት፣ ልክ ነው። ምነው ሐሙስ ዕለት እንዲህ አድርገህ ብትጽፍልኝ ኖሮ! ውሸታም ያልኩህን ይቅር በለኝ ልጄ። ቤቱ ያንተ ነው። ፈለቀ እዚያ አለ?»

«አለ ጋሽዬ።»

«አቅርብልኝ!»

ፈለቀ ስልኩን ተቀብሎ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» ሲል ቆየ። ነጋዴው ለካ ኔትወርክ በሌለበት ሺሺንዳ ውሎ ምንም አላስገባም ነበር፣ ፈለቀም በጋሽ ተክለጻድቅ ቃል ብቻ ነው የመጣው። ወዛደሩ ክምሩን ወደ ቦታው መለሰ። ፒክአፑ ጆንያውን እንደጫነ ሄደ።

ልዑልቃል መኪናው ፊት ተቀመጠ። ክሩን በመርፌው ዓይን ሊያስገባ ይሞክራል፣ ቀዳዳውን ይስተዋል። ተቀበልኩትና አስገባሁለት።

«አያቴ ከሞቱ ወዲህ በዚያ ስም አቤት ስል የመጀመሪያዬ ነው እትዬ» አለኝ።

«እና ምን ሆንክ?»

ዝናቡና ዕንባው በፊቱ ላይ ተቀላቅለው የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

«ምንም አልሆንኩም» አለኝ፣ እግሩንም ፔዳሉ ላይ አደረገ።