ጠዋት ብቻ የሚያልፍ ሕዝብ

አክስቴ “እንደምን አደርሽ?” ሲሏት “ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?” ብላ የምታስብ ሴት ናት። የሚከራይ ሱቅን ከተከራይ ታገናኛለች፤ በአጭሩ ደላላ ናት። እሷ ግን ደላላ ሲሏት ያንገሸግሻታል። “ደላላ የሚያወራው የሌለውን ነው፤ እኔ ያየሁትን ነው” ትላለች። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ተረት ከአፏ ስለማይጠፋ እኛ ቤት ስሟ ጠርጣሪት ነው።

አንድ ሱቅ አከራዪልኝ ሲሏት መጀመሪያ ባለቤቱ የሚለውን ሁሉ በትዕግሥት ትሰማና አንዱንም አታምንም። ከዚያ ከሱቁ ፊት ለፊት ካለ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ትውላለች። መንገደኛው በየትኛው በኩል ያልፋል? ይቆማል ወይስ ይሮጣል? እጁ ባዶ ነው ወይስ ዕቃ ይዟል? ዝናብ ሲሆንስ? እሑድስ? “ሕዝብ አለ ማለት ገበያ አለ ማለት አይደለም፤ ቀብር የሚሄደውም ሕዝብ ነው” ትላለች። ማስታወቂያውን የምትጽፈው ይህን ሁሉ ካየች በኋላ ነው። ብዙ ባለሱቆች በዚህ ምክንያት ተጣልተዋታል፤ እሷም አንዳቸውንም ታረቁኝ ብላ አትለምንም።

ጣጣው የመጣው የገዛ ወንድሟ፣ አባቴ፣ የእኛን ሱቅ የሰጣት ጊዜ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከቤታችን ሥር፣ መንገዱ ዳር ያለችው ሱቅ ናት የምታኖረን፤ የእናቴም መድኃኒት የሚገዛው በእሷ ኪራይ ነው። ሦስት ተከራዮች ተከታትለው ለቀቁ። የመጨረሻዋ የሴቶች ልብስ የምትሸጥ ወጣት ነበረች፤ መደርደሪያዋን ነቅላ ስትወጣ እንባዋ ይወርድ ነበር። አባቴ “ሰነፍ! በሯ ላይ ሕዝብ እየጎረፈ መሸጥ ያቃታት” ብሎ ነው የሸኛት። ከዚያ ወዲህ በሩ እንደተዘጋ ከረመና እናቴ መድኃኒቷን ቀን እያሳለፈች መዋጥ ጀመረች። ይህን ያየንባት አይመስላትም ነበር፤ አባቴም ያያል፣ እኔም አያለሁ።

አክስቴ እንደ ልማዷ ተቀምጣ ከረመችና ማስታወቂያውን አነበበችልን። “ጠዋት ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚጣደፍ ብዙ ሰው በበሩ ያልፋል፤ ቆሞ ዕቃ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ከረፋድ እስከ ማታ መንገዱ ጭር ይላል። ማታ ሰው ከአውቶቡስ የሚወርደው በማዶ ነው። ከኋላ የውኃ መስመርና የፍሳሽ መውረጃ አለ። ሰው አስቦበት ለሚመጣበት ሥራ ይሆናል፤ አላፊ አግዳሚን ለሚጠብቅ አይሆንም።”

አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ።

“ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ መርዶ? ‘ሕዝብ የሚጎርፍበት’ ብለሽ ጻፊና ተገላገይ!”

“ጋሼ፣ ይጎርፋል። ጎርፍ ደግሞ አይቆምም።”

“ገባኝ” አለ አባቴ። “ሱቋን አራክሰሽ የራስሽን ሰው በርካሽ ልታስገቢባት ነው። ምን ሊሰጡሽ ነው?”

አክስቴ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዓለምን ሁሉ ስትጠረጥር የኖረች ሴት፣ እሷ ስትጠረጠር እንደ ሕፃን ነው የከፋት። እኔም አባቴን ጠላሁት፤ እውነቱን ለመናገር ግን እኔም በሆዴ “ምናልባት እኮ…” ብዬ ነበር። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይይዘዋል።

“ሦስቱ ተከራዮች ሱቋን ሊያዩ የመጡት በስንት ሰዓት ነበር?” አለችው አክስቴ ቀስ ብላ።

“እኔ ምን አውቃለሁ!”

“እንግዲያው ነገ ወንበር ይዘህ በሩ ላይ ዋል። ውሸታም ከሆንኩ እንደፈለግህ ትጽፈዋለህ።”

አባቴ በማግስቱ ተኮፍሶ ወረደ። ጠዋት ሕዝቡ ሲተራመስ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ እያየ ፈገግ ይልብኝ ነበር። ረፋዱ ላይ ፈገግታው ጠፋ። ምሳውን ሳወርድለት መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም፤ አንድ ውሻ ብቻ ጥላ ሥር ተዘርሮ ተኝቷል። ሲመሽ ሕዝቡ ከማዶ ወርዶ በማዶ ሄደ። አባቴ ወንበሩን ይዞ ወጣና ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

“ያቺ ልብስ የምትሸጠው ልጅ…” አለኝ፤ “እንዲህ ነበር የምትውለው?”

“አዎ፣ አባዬ።”

ለአክስቴ ስልክ ደውሎ “ማስታወቂያውን እንዳለ አውጪው” አላትና ዘጋው። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ መጀመሪያ የመጣችው ጫማ ነጋዴ ናት። ማስታወቂያውን አላነበበችም፤ ጠዋት አውቶቡስ ስትጠብቅ ሕዝቡን አይታ ነው በቀጥታ ያንኳኳችው። ቀብዱን በቦርሳዋ ይዛለች፤ ዛሬውኑ እንፈራረም አለች። አባቴ ወደ እናቴ ክፍል አየ። አክስቴ እሱን ብቻ ታየዋለች።

“ልጄ፣ ከረፋድ በኋላ ባዶ ነው” አለ አባቴ። “ጠዋት ያየሻቸው ጫማ ለመለካት የሚቆሙ አይደሉም።”

ሴትየዋ ዓይኗን አጠበበች። “ዋጋ ሊጨምሩብኝ ነው አይደል?”

“ኧረ በጭራሽ!”

“እንግዲያው ለዘመድ ሊሰጡት ነው። የገዛ ሱቁን የሚያማ ሰው የት አገር ታየ? ተንኮል ነው!” ብላ በሩን በላያችን ላይ ደርግማ ሄደች።

አባቴ ደንግጦ ቀረ። “እውነት ተናግሬ ተንኮለኛ ተባልኩ እኮ!”

“እኔ ዕድሜዬን የኖርኩት እዚያ ነው” አለች አክስቴ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሱቋን ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። እናቴ አንዳንድ ቀን መድኃኒቷን ጨርሶ ትተው ጀመር። ሦስታችንም ያንን ቀብድ ሳናስበው የዋልንበት ቀን የለም፤ ደፍሮ ያነሳው ግን የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ መንገዱ ጭር ባለበት፣ አንድ ልብስ አጣቢ መጣ። ሌላ ሠፈር ያለው የልብስ እጥበት ቤቱ ሊፈርስበት ነው። ማስታወቂያውን እያነበበ ከመንገዱ ጋር ያስተያያል። ቧንቧውን ከፈተ፣ መውረጃው ላይ ባልዲ ሙሉ ውኃ ደፍቶ ጆሮውን ደቀነ፣ ቆጣሪውን አየ። “የእኔ ደንበኛ ጠዋት ሲያልፍ ልብሱን ወርውሮ ይሮጣል፣ በማግስቱ ጠዋት ይወስዳል፤ ቆሞ እንዲያይ አልፈልግም” አለ። እኛ ግን ገና ደስ አላለንም፤ ፊቱ እንደ አክስቴ ፊት የሚጠራጠር ነበር።

“አንድ ነገር ልጠይቅ” አለ ወደ አባቴ ዞሮ። “ከኔ በፊት የነበሩት ለምንድነው የለቀቁት?”

አባቴ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው፤ ስንት ጊዜ ሲመልሰው ሰምቻለሁ። አሁን ግን ኮፍያውን አወለቀ።

“የመጨረሻዋን ሰነፍ ናት እያልኩ ስሟን ሳጠፋ ነበር” አለ። “ሰነፍ አልነበረችም። ሱቋን ሊያዩ ሲመጡ ሦስቱንም በጠዋት የቀጠርኳቸው እኔ ነኝ። ከሰዓት እንያት ሲሉኝ ቁልፉ የለም እላቸው ነበር።”

ሰውየው አክስቴን ከእግር እስከ ራሷ አያት። “ይሄን እንዲል ያስጠናሽው አንቺ ነሽ?”

አክስቴ ዓይኗን ከወንድሟ ላይ ሳታነሳ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

“እኔም ከአፉ ስሰማው ዛሬ ገና ነው” አለች፤ እንባዋም መጣ።