ክፍሎም ወራሽ፣ እናቱ አውራሽ

ጋሽ ሉልሰገድ ሌላ ሰው የጻፈውን ማመልከቻ ሲያነብ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱ ይጨማደዳል። ከሳሽና ተከሳሽ የተምታቱበት፣ አከራይና ተከራይ ቦታ የተለዋወጡበት ወረቀት ካጋጠመው የሞተ አይጥ የያዘ ይመስል በሁለት ጣቱ ጫፍ አንጠልጥሎ ለባለቤቱ ይመልሳል። አራዳ ፍርድ ቤት አካባቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ማመልከቻ ጽፏል። የድሮ ክፍሉ ከፈረሰ ወዲህ እዚያው ፒያሳ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይሠራል፤ እሱ በእጁ ያረቅቃል፣ ኢየሩስ የምትባል ወጣት ኮምፒውተር ላይ ትተይባለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከዶሮ ማነቂያ ወይዘሮ አክበረት መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ሰላምታም ሳይሰጡ የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት የወራሽነት ውሳኔ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት።

"መንጃና ሊብሬ የሚሰጡበት ቢሮ ሄጄ ነበር፤ የሟች ልጄን የክፍሎምን ታክሲ ስም ላዛውር። እዚያ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አነበበችና 'ወራሹ ራሱ ይምጣ' አለችኝ። ወራሹ ማነው ብላት 'ክፍሎም ነዋ፤ እርስዎ'ኮ ሞተዋል ይላል' አለች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀብኝ።"

ጋሽ ሉልሰገድ መነጽሩን አደረገ። ሐተታው ልክ ነው፤ ክፍሎም ሚስትም ልጅም ሳይኖረው እንደሞተ፣ አባቱ ቀድሞ እንዳረፈና ከእሱ በቀር ልጅ እንዳልነበረው፣ እናቱ ብቻ እንደቀሩ ይናገራል። የመጨረሻው መስመር ላይ ግን፣ ዋናው ውሳኔ ላይ፣ "የአውራሽ ወይዘሮ አክበረት ወራሽ ክፍሎም መሆኑ ተረጋግጧል" ይላል።

ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ጫፍ አንጠለጠለው። "ይዩ እህቴ፣ አውራሽ ማለት ሞቶ ንብረት የሚተው ነው። ወራሽ በሕይወት ያለው፣ የሚቀበለው። እርስዎን ቀብረው ልጅዎን ከመቃብር አስነሥተዋል። ፍርድ ቤቱ ከማመልከቻው እንዳለ ገልብጦት ነው። ማነው ይሄን የጻፈ ደንቆሮ? እንዲህ ዓይነቱ እስክሪብቶ መያዝ የለበትም!"

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት።

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ሚያዝያ ላይ።"

ጋሽ ሉልሰገድ ወደ ኢየሩስ ዞረ።

"አንቺ ነሽ ያበላሸሽው!"

ኢየሩስ ተነሥታ መደርደሪያው ላይ ያለውን የካርቶን ፋይል አወረደች፣ ገጽ በገጽ ገለጠች፣ አንድ ሉክ ወረቀት አውጥታ ፊቱ አኖረች። የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው። "የተጠየቀ ዳኝነት" ከሚለው ሥር፣ በዚያ በሚኮራበት ረጅም አጻጻፉ፣ አውራሽ ወይዘሮ አክበረት፣ ወራሽ ክፍሎም።

"ያኔ ጠይቄዎት ነበር" አለች ቀስ ብላ። "'የጻፍኩትን ተይቢ' አሉኝ።"

አስታወሰው። ጥሪ ያለበት ቀን ነበር፤ ለምሳ ቸኩሎ ነበር፤ ሴትዮዋ ሲያለቅሱ ሳያያቸው ነበር የጻፈው። ምራቁ መረረው። የሠላሳ አንድ ዓመት እጁ፣ ጣቶቹ ላይ ያለው ሰማያዊ ቀለም ሳይቀር አስጠላው። የሰው ስሕተት አይቶ ሲንገሸገሽ የኖረው ሰው ራሱን ተጸየፈ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። ድምፁ አላማረውም።

"እኔን አይደለም ይቅርታ የሚጠይቁት" አሉ ወይዘሮ አክበረት። "እሱ'ኮ ሞቷል። አርባውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሕይወት አለ ብለው ጽፈው... ልጅቷ 'ይምጣ' ስትለኝ ለአንድ አፍታ ዘወር ብዬ በሩን አየሁ።"

ጋሽ ሉልሰገድ ወረቀት ሳበና ጻፈ፤ አዲስ ክስ ሳይሆን በዚያው የመዝገብ ቁጥር፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 208 መሠረት የእርማት ማመልከቻ። በውሳኔው ሐተታና በመጨረሻው መስመር መካከል ያለው ልዩነት የጽሕፈት ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም ከማመልከቻው ጽሑፍ መምጣቱን አሰፈረ። ኢየሩስ ተየበች። ከዚያ ግን ወረቀቱን ለእሱ ሳትሰጥ ለሴትዮዋ አነበበችላቸው፣ እያንዳንዱን ስም በጣቷ እየነካች።

ጋሽ ሉልሰገድ ራሱ መዝገብ ቤት ድረስ አብሯቸው ሄደ። ገንዘብ አልተቀበላቸውም፤ እሳቸውም አላመሰገኑትም። በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ መዝገቡን አስቀርበው አገላበጡት፣ የሞት ማስረጃውን አዩ፣ "ይታረም" ብለው ትእዛዝ ሰጡ። የታረመው ግልባጭ በሳምንቱ ወጣ።

ወይዘሮ አክበረት ግልባጩን ይዘው ወደ ክፍሉ መጡ። ጋሽ ሉልሰገድ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ።

እሳቸው በአጠገቡ አልፈው ኮምፒውተሩ ጋ ሄዱ።

"አንቺ አንብቢልኝ፣ ልጄ" አሏት።